የወርቅ ክብደት ያለው ሌላ ብረት

በ2000 ዓ.ም. (እ.ኤ.አ. 2008) ከኢትዮጵያ ብሔራዊ ባንክ ወደ ደቡብ አፍሪካ ተልኮ የነበረ ጥፍጥፍ ወርቅ ተመልሶ መጣ። የተቀባዮቹ ቅሬታ የተላከላቸው ወርቅ ሳይሆን ወርቅ የተቀባ ብረት ነው የሚል ነበር። ወሬው በዓለም መገናኛ ብዙኃን ተሰራጨ፤ በባንኩ ካዝና ያለው ወርቅም እንዲመረመር ታዘዘ። በወቅቱ ብዙ ሰው የጠየቀው «ማን አደረገው?» ብሎ ነው። ነገሩን ከብረቶች ጠባይ አንጻር ለሚያየው ሰው ግን ሌላ ጥያቄ ይነሳል፤ እንዲህ ያለው ማታለል በሚዛን ብቻ ሊታወቅ ይችል ነበር ወይ?

መልሱ አዎ ነው፤ ያውም በቀላሉ። በዓለም ገበያ የሚዘዋወረው ትልቁ የወርቅ ጥፍጥፍ 12.4 ኪሎ ግራም ገደማ ይመዝናል። ልክ በእሱ መጠን የተሠራ የብረት ጥፍጥፍ ግን ከ5 ኪሎ ብዙም አያልፍም። አንድ ሴንቲ ሜትር ኩብ ወርቅ 19.3 ግራም ሲሆን ያው ይዘት ያለው ብረት 7.87 ግራም ብቻ ነው። አንድ ቁስ በተወሰነ ይዘት ውስጥ ምን ያህል ክብደት እንደያዘ የሚናገረው ይህ ቁጥር እፍግታ ይባላል።

ብረቱ በተንግስተን ቢተካ ኖሮ ግን ሚዛኑ ዝም ይል ነበር። ተንግስተን በድሮው አምፖል ውስጥ ግሎ የሚያበራው ቀጭን ሽቦ የሚሠራበት ብረት ነው። እፍግታው 19.3 ገደማ ነው፤ ከወርቅ ጋር አንድ ነው ማለት ይቻላል። እ.ኤ.አ. በ2012 በኒውዮርክ ማንሃተን የወርቅ ነጋዴዎች እጅ ገብተው የተገኙት የሐሰት ጥፍጥፎች ውስጣቸው በተንግስተን የተሞላ መሆኑ በዜና ተዘግቦ ነበር። ሁለቱ ብረቶች በቀለም አይመሳሰሉም፣ በጥንካሬ አይመሳሰሉም፣ አንዱ በ1,064 ዲግሪ ሴንቲግሬድ ሲቀልጥ ሌላው እስከ 3,422 ዲግሪ ይጸናል። ታዲያ በእፍግታ እንዴት ገጠሙ? ምላሹ አቶሞቻቸው በተደረደሩበት ሥርዓት ውስጥ ይገኛል፤ ሒሳቡም የሁለተኛ ደረጃ ተማሪ የሚሠራው ነው።

ብረቶች ሲረጉ አቶሞቻቸው በዘፈቀደ አይከመሩም። በሦስቱም አቅጣጫ እየተደጋገመ በሚሄድ ሥርዓት ይሰለፋሉ። ከዚህ ድርድር ውስጥ፣ ሳይሸራረፍ ቢደጋገም ክሪስታሉን በሙሉ የሚሠራው ትንሹ ቁራጭ ዩኒት ሴል ይባላል። በብዙ ብረቶች ዘንድ ይህ ቁራጭ ስድስት እኩል ገጽ ያለው ኩብ ነው። ስለዚህ የአንድ ብረት እፍግታ ማለት የዚህ ኩብ ክብደት ለኩቡ ይዘት ሲካፈል የሚገኘው ነው። ኩቡ ከታወቀ ጥፍጥፉን መመዘን ሳያስፈልግ እፍግታው ይታወቃል። ለዚህ ሦስት ነገሮች ይበቃሉ፤ በኩቡ ውስጥ ስንት አቶም እንዳለ፣ የአንዱ አቶም ክብደት፣ የኩቡም ጠርዝ ርዝመት።

ብዙ ሰው የሚሳሳተው በመጀመሪያው ላይ ነው። የወርቅ ዩኒት ሴል በስምንቱም ማዕዘኖቹ ላይ አንዳንድ አቶም፣ በስድስቱም ገጾቹ መሃል ሌላ አንዳንድ አቶም አለው። በሥዕል የሚያየው ሰው 14 ብሎ ይቆጥራል። ነገር ግን በገጽ መሃል የተቀመጠ አቶም የዚያ ኩብ ብቻ አይደለም፤ ሁለት ጎረቤታሞች በመሃላቸው ያለውን አጥር እኩል እንደሚካፈሉት ሁሉ፣ ገጹን የሚጋሩት ሁለት ኩቦች አቶሙን ለሁለት ይካፈሉታል። የማዕዘኑ አቶም ደግሞ ስምንት ኩቦች የሚገናኙበት ነጥብ ላይ ስላለ ለእያንዳንዱ ኩብ የሚደርሰው አንድ ስምንተኛው ነው። ከስምንቱ ማዕዘኖች ስምንት ስምንተኛ፣ ማለትም አንድ ሙሉ አቶም ይገኛል፤ ከስድስቱ ገጾች ስድስት ግማሽ፣ ማለትም ሦስት። ድምሩ አራት ነው።

ይህ አደራደር ገጸ ማዕከል ኩብ ይባላል። ከወርቅ ሌላ ብር፣ መዳብና አሉሚኒየም የሚከተሉት እሱን ነው። ተንግስተንና ብረት ግን ሌላ መንገድ አላቸው። በገጾቹ ላይ ምንም የለም፤ ይልቁንም በኩቡ ሆድ እቅፍ መሃል አንድ አቶም ብቻውን ይቀመጣል። እሱን የሚጋራው ጎረቤት ስለሌለ ሙሉ ሆኖ ይቆጠራል፤ ከማዕዘኖቹ አንዱ ጋር ተደምሮ ሁለት ይሆናል። ይህኛው አካለ ማዕከል ኩብ ነው።

አሁን ወደ ወርቅ ሒሳብ። የወርቅ ኩብ ጠርዝ 4.078 አንግስትሮም ነው፤ አንድ አንግስትሮም የሴንቲ ሜትር መቶ ሚሊዮንኛ ነው። ጠርዙ ለራሱ ሦስት ጊዜ ሲባዛ የኩቡ ይዘት 67.82 አንግስትሮም ኩብ ይሆናል። እንዲህ ያለ ትንሽ ነገር በግራም ለማሰብ ስለሚያስቸግር፣ ከመጀመሪያው አንድ ሞል ያህል፣ ማለትም 6.022×10²³ ኩቦችን ሰብስቦ መሥራት ይቀላል። ይህ የአቮጋድሮ ቁጥር የሚባለው ነው፤ ይህን ያህል የወርቅ አቶም ቢሰበሰብ 196.97 ግራም ይመዝናል። እያንዳንዱ ኩብ አራት አቶም ስላለው የኩቦቹ ክብደት አራት ጊዜ 196.97፣ ማለትም 787.88 ግራም ነው። ይዘታቸውስ? አንድ አንግስትሮም ኩብ 10⁻²⁴ ሴንቲ ሜትር ኩብ ስለሆነ፣ 67.82 በ0.6022 ሲባዛ 40.84 ሴንቲ ሜትር ኩብ ይመጣል። 787.88 ለ40.84 ሲካፈል 19.29። በሚዛንና በውኃ የሚለካው የንጹሕ ወርቅ እፍግታም 19.3 ነው።

በቀመር ሲጻፍ ሁሉም በአንድ መስመር ያልቃል፤

ρ = Z × M / (N × a³)

እዚህ Z በኩቡ ውስጥ ያሉት አቶሞች ብዛት፣ M የአንድ ሞል ክብደት፣ N የአቮጋድሮ ቁጥር፣ a ደግሞ የጠርዙ ርዝመት ነው።

ተንግስተን በዚሁ መንገድ ሲሠራ ጠርዙ 3.165 አንግስትሮም፣ ይዘቱ 31.70 አንግስትሮም ኩብ ነው። የአንድ ሞል ክብደቱ 183.84 ግራም ሲሆን ኩቡ የሚይዘው ሁለት አቶም ነው። የአንድ ሞል ኩብ ክብደት 367.68 ግራም፣ ይዘቱ 19.09 ሴንቲ ሜትር ኩብ። ሲካፈል 19.26 ይሆናል። የብረት ኩብም አካለ ማዕከል ነው፤ ጠርዙ 2.866 አንግስትሮም፣ የሞል ክብደቱ 55.85 ግራም ነውና በዚያው ሒሳብ 7.88 ይወጣል።

የወርቅና የተንግስተን ኩቦች ጎን ለጎን ሲታዩ በምንም አይገናኙም። የአንዱ ይዘት ከሌላው ከእጥፍ በላይ ነው፤ አንዱ አራት አቶም ሌላው ሁለት ይዟል። ይዘቱ ለአቶሞቹ ሲከፋፈል ግን ምስጢሩ ይገለጣል። ለአንድ የወርቅ አቶም የሚደርሰው ቦታ 16.95 አንግስትሮም ኩብ ሲሆን ለአንድ የተንግስተን አቶም 15.85 ነው። ወርቅ 7 ከመቶ ያህል የሰፋ ቦታ ይፈልጋል ማለት ነው። ክብደቱስ? 196.97 ከ183.84 የሚበልጠው እዚያው 7 ከመቶ ገደማ ነው። በክብደት ያተረፈውን በቦታ ይከፍላል፤ ሁለቱ ተጣጥተው እፍግታቸውን እኩል ያደርጉታል። ይህን ግጥምጥሞሽ የሚያዝ ሕግ የለም፤ ሁለት የማይገናኙ ቁጥሮች በአጋጣሚ ተመጣጠኑ። ሐሰተኞቹ የተጠቀሙት በዚህ አጋጣሚ ነው።

የዚህ ተቃራኒ የሆነው ደግሞ ብር ነው። የብር ኩብ እንደ ወርቁ ገጸ ማዕከል ነው፤ ጠርዙም 4.086 አንግስትሮም ስለሆነ ከወርቁ ጋር ያለው ልዩነት ከአንድ መቶኛ እጅግ ያነሰ ነው። የሁለቱ ድርድር በመጠንም በቅርጽም መንትያ ነው ለማለት ይቻላል። የብር አቶም ክብደት ግን 107.87 በመሆኑ እፍግታው 10.5 ላይ ይቆማል። ጌጣጌጥ ሠሪ ወርቅን ከብር ጋር ሲቀላቅል የሚሆነውም ከዚህ ይገባል። የብር አቶም የወርቅን ቦታ ወርሶ ሲቀመጥ ኩቡ አይሰፋም አይጠብም ለማለት ይቻላል፤ አማካይ ክብደቱ ብቻ ይወርዳል። ከመቶ 75 እጅ ወርቅ ቀሪው ብር የሆነ ባለ 18 ካራት ቅይጥ አማካይ የአቶም ክብደቱ 163 ያህል ስለሚሆን እፍግታው ወደ 16 ይወርዳል። እዚህ ላይ ሚዛንና ውኃ አስተማማኝ ምስክሮች ናቸው።

ሒሳቡን የሚሠራ ሰው ስህተቱን የሚያውቅበት ቀላል ዘዴ አለ። በተለመደው ሙቀትና ግፊት ከረጉ ብረቶች ሁሉ ቀላሉ ሊቲየም ነው፤ እፍግታው 0.53 ነው። ከባዱ ኦስሚየም ሲሆን ወደ 22.6 ይደርሳል። ከዚህ ክልል የወጣ መልስ ሁሉ ስህተት ነው። የወርቁን አቶሞች 14 ብሎ የቆጠረ ሰው 67 ያገኛል፤ የሁለት ጎረቤት አቶሞችን ርቀት፣ 2.88 አንግስትሮምን፣ ጠርዝ ነው ብሎ የወሰደም ወደ 55 ይደርሳል። ሁለቱም ወዲያው ይጋለጣሉ።

የሚያስፈራው ከክልሉ የማይወጣ ስህተት ነው። ወርቅን አካለ ማዕከል አድርጎ ሁለት አቶም ብቻ የሰጠ ሰው 9.65 ያገኛል፤ ይህ በሌላ ብረት ላይ ሊታይ የሚችል ቁጥር ስለሆነ አያስደነግጥም። ከዚህ የበለጠ የሚሸውደው ጠርዙ ሳይሰጥ የአቶሙ ራዲየስ ብቻ ሲሰጥ ነው። በገጸ ማዕከል ኩብ አቶሞቹ የሚነካኩት በገጹ ሰያፍ ላይ ነውና ጠርዙ 2√2 ጊዜ ራዲየሱ ነው። በአካለ ማዕከል ኩብ ግን የሚነካኩት ከማዕዘን ተነስቶ የኩቡን ሆድ አቋርጦ በሚያልፈው ሰያፍ ላይ ስለሆነ ጠርዙ 4 ጊዜ ራዲየሱ ለ√3 ተካፍሎ ይገኛል። የተንግስተንን ራዲየስ፣ 1.37 አንግስትሮምን፣ ወስዶ በገጸ ማዕከል መንገድ የሠራ ሰው 21 ገደማ ያገኛል። የተሳሳተው 9 ከመቶ ያህል ብቻ ነው፤ ለዓይን ፍጹም የሚታመን ቁጥር ነው። ይህን የሚይዘው የተለካ እፍግታ ብቻ ነው። የሥነ ቁስ ባለሙያዎችም አንዳንድ ጊዜ ነገሩን ገልብጠው ይጠቀሙበታል፤ ጠርዙና እፍግታው ተለክተው የአቶሞቹ ብዛት ከቀመሩ ይወጣል፤ ውጤቱ ወደ 2 ወይም ወደ 4 ካልተጠጋ አንድ ቦታ የተዛባ ነገር አለ ይላሉ።

ጠርዙ ራሱ የሚለካው በኤክስሬይ ነው። እ.ኤ.አ. በ1912 ሙኒክ ውስጥ ማክስ ፎን ላወና ባልደረቦቹ ኤክስሬይ በክሪስታል ውስጥ ሲያልፍ ተበታትኖ ሥርዓት ያለው ነጠብጣብ እንደሚሠራ አሳዩ። በማግስቱ ዓመት እንግሊዛውያኑ ብራጎች፣ አባት ዊልያምና ልጅ ሎውረንስ፣ ከዚያ ነጠብጣብ የአቶሞችን አቀማመጥ ማንበቢያውን መንገድ ሠሩ። ልጁ በ1914 የመዳብን ገጸ ማዕከል አደራደር ፈታ፤ በ1915 ከአባቱ ጋር የኖቤል ሽልማት ሲቀበል ዕድሜው 25 ነበር።

ሥራው ዛሬም በዚያው መርህ ይሄዳል። የሞገድ ርዝመቱ 1.5406 አንግስትሮም የሆነ የመዳብ ኤክስሬይ በወርቅ ላይ ሲፈነጥቅ የመጀመሪያው ብርቱ ነጸብራቅ 38.2 ዲግሪ ላይ ይወጣል። ይህ አንግል የአቶም ንብርብሮቹን ርቀት 2.355 አንግስትሮም አድርጎ ይሰጣል፤ እሱ በ√3 ሲባዛ ጠርዙ 4.079 ሆኖ ይገኛል። የተንግስተን የመጀመሪያ ነጸብራቅ ደግሞ 40.3 ዲግሪ ላይ ነው፤ ከዚያ በኋላ የሚከተሉት ነጸብራቆች ቅደም ተከተልም ከወርቁ የተለየ ነው፤ የኩቡን ዓይነት የሚናገረውም ያ ቅደም ተከተል ነው። ሚዛን ያልለያቸውን ሁለት ብረቶች ኤክስሬይ በግልጽ ይለያቸዋል።

ችግሩ ይህ ኤክስሬይ በወርቅ ውስጥ ዘልቆ የሚያየው ከማይክሮሜትሮች ያላለፈ ቆዳውን ብቻ መሆኑ ነው። ላዩ እውነተኛ ወርቅ፣ ሆዱ ተንግስተን የሆነ ጥፍጥፍ በዚህ ምርመራ ንጹሕ ወርቅ ሆኖ ያልፋል። በውኃ መመዘንም አያጋልጠውም፤ አንድ ኪሎ ወርቅ ውኃ ውስጥ ሲገባ 51.8 ግራም ያህል ይቀንሳል፣ አንድ ኪሎ ተንግስተን 51.9። ብረት ቢሆን 127 ግራም ስለሚቀንስ የገበያ ሚዛን ይበቃዋል። ለዚህ ነው የወርቅ ማከማቻዎች የድምፅ ሞገድ መመርመሪያ የሚጠቀሙት። ድምፅ በወርቅ ውስጥ በሰከንድ 3,240 ሜትር ገደማ ሲሄድ በተንግስተን ውስጥ 5,200 ሜትር ያህል ይሄዳል፤ የድምፁ ፍጥነት የሚወሰነው በእፍግታ ብቻ ሳይሆን አቶሞቹ እርስ በርስ በተሳሰሩበት ጥንካሬም ጭምር ነውና።

ቀመሩ የሚሰጠው የእንከን የለሽ ክሪስታልን እፍግታ መሆኑ መረሳት የለበትም። እውነተኛ ብረት አንዳንድ አቶም የጎደለበት ባዶ ቦታ፣ ሲቀዘቅዝ የቀረ የአየር ቀዳዳ፣ የገባ ባዕድ ነገር አለው። የአቶም ጉድለት እጅግ ጥቂት ስለሆነ ሚዛን አያየውም፤ በማፍሰስ ወይም ዱቄትን በማመቅ የተሠራ ዕቃ ውስጥ ያለው ቀዳዳ ግን ብዙ ከመቶ ሊደርስ ይችላል። ስለዚህ የተለካው ከተሰላው ሲያንስ መሐንዲሶች መጀመሪያ የሚጠረጥሩት ቀዳዳ ነው። የዱቄት ብረት ሠሪዎች የዕቃቸውን ጥራት የሚገልጹትም በዚህ ነው፤ ከተሰላው እፍግታ ስንት ከመቶ እንደደረሰ ይናገራሉ።

ሙቀትም አለ። ጠርዙ ሲሞቅ ይረዝማል፤ ስለዚህ የጠርዙ ቁጥር በየትኛው ሙቀት እንደተለካ መታወቅ አለበት። ብረት ደግሞ በዚህ የተለየ ጠባይ ያሳያል፤ እየሞቀ እየሰፋ ቆይቶ 912 ዲግሪ ሲደርስ አደራደሩን ከአካለ ማዕከል ወደ ገጸ ማዕከል ይለውጣል። በገጸ ማዕከሉ ሉል የመሰሉት አቶሞች የቦታውን 74 ከመቶ ሲሞሉ በአካለ ማዕከሉ 68 ብቻ ይሞላሉ፤ በዚህም ምክንያት ብረቱ በዚያች ዲግሪ ላይ ሙቀት እየጨመረ ሳለ ይኮማተራል። ኩቡ ውስጥ ያሉት አቶሞች ከሁለት ወደ አራት ስለሚያድጉ፣ ከ912 ዲግሪ በላይ ያለውን ብረት በአሮጌው ቁጥር የሚያሰላ ሰው ግማሹን ያጣል።

የቀመሩ ታሪክ ከዚህ የሚለይበት አንድ ገጽታ አለ። ብራጎች ሥራቸውን ሲጀምሩ የኤክስሬያቸውን የሞገድ ርዝመት አያውቁም ነበር። ስለዚህ ቀመሩን የተጠቀሙት ከኋላ ወደ ፊት ነው፤ የገበታ ጨውን የተለካ እፍግታና የአቮጋድሮን ቁጥር ወስደው የጨው ክሪስታልን ጠርዝ አወጡ፣ ከጠርዙ ደግሞ የሞገዱን ርዝመት። በ1920ዎቹ ግን ሌሎች ተመራማሪዎች ጭረት ባለው መስታወት አማካይነት ርዝመቱን በቀጥታ ለኩ፤ ውጤቱም በጥቂቱ አልገጠመም። ስህተቱ ሲፈለግ የተገኘው ከክሪስታሉ ርቆ ነው። የአቮጋድሮ ቁጥር በዚያ ዘመን ይገኝ የነበረው ሮበርት ሚሊካን በዘይት ጠብታ ከለካው የኤሌክትሮን ሙል ነበር፤ ሚሊካን ደግሞ ለአየር ውፍረት የተጠቀመበት ቁጥር በትንሹ የተዛባ ነበር።

በመጨረሻም ቁጥሩን ለመቁረጥ ከተሠሩት ሥራዎች ዋነኛው በዚሁ ቀመር የተመራ ነው። የተለያዩ አገሮች የልኬት ተቋማት አንድ ኪሎ ግራም የሚመዝን፣ ከሲሊከን-28 ብቻ የተሠራ፣ ለዓይን እንከን የሌለው ኳስ አዘጋጁ። ሲሊከን ብረት ባይሆንም ኩቡ ስምንት አቶም እንደሚይዝ በደንብ ይታወቃል። የኳሱን ክብደትና ይዘት፣ የኩቡን ጠርዝና የአቶሙን ክብደት ለክተው N እንዲወጣ አደረጉ፤ በላዩ ላይ የተፈጠረውን ስስ የኦክሳይድ ቆዳና በውስጡ የጎደሉትን አቶሞች ሳይቀር አሰሉ። ከግንቦት 12 ቀን 2011 ዓ.ም. (እ.ኤ.አ. ሜይ 20 ቀን 2019) ጀምሮ የአቮጋድሮ ቁጥር 6.02214076×10²³ ሆኖ ተቆርጧል። ዛሬ የአንድን ብረት እፍግታ ከኩቡ የሚያሰላ ሰው በቀመሩ ውስጥ ካሉት መለኪያዎች የሚጠራጠረው የጠርዙን ርዝመትና የአቶሙን ክብደት ብቻ ነው።